ከአንድ በኩል ብቻ የተራገፈው ብረት

ጂሙ ውስጥ ሁሉም «ሰብሳቢ» ይላታል። ስሙን ብቻ ሰምቶ የመጣ ሰው የሆነ ማኅበር ሊቀ መንበር ትመስለዋለች፤ እሷ ግን ስብሰባ መርታ አታውቅም። የምትሰበስበው ብረት ነው። ሌላው አንስቶ የሰለቸውን፣ መሬት ላይ ዘርግፎት የሄደውን ክብደት ከየጥጉ እየለቀመች ወደ መደርደሪያው ትመልሳለች። በቅጥር ውሏ ላይ የተጻፈው «ጽዳት» የሚል አንድ ቃል ነው። ስለ ብረት የሚያወራ ነገር የለበትም።

ከዚህ በፊት አሥራ አራት ዓመት በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የክር መጋዘን ሠርታለች። ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ባሏም ቀደም ብሎ ሞቶ ነበርና፣ ሴት ልጇን ይዛ ያገኘችውን ሥራ ያዘች። ያገኘችው ይኼን ነው፤ ከሱቆች በታች ያለ ሰፊ አዳራሽ፣ አንድ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር መስታወት፣ ወለሉ ጥቁር የጎማ ምንጣፍ። ጠዋት ጠዋት ደንበኛ ሳይገባ ቀድማ ትደርስና መጀመሪያ የምታየው የትናንት ማታውን ጉድ ነው። ሃያ ኪሎው ዲስክ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ሰው ቢነካው እግር ላይ የሚወድቅ። በአንድ እጅ የሚነሳው አሥር ኪሎ ዳምቤል አንዱ መስኮቱ ሥር፣ ጓደኛው መታጠቢያ ቤት በር ላይ። የአግዳሚ ወንበሩ ቆዳ ላይ የደረቀ ላብ፣ የጀርባ ቅርጽ እንዳለ ታትሞበት።

«እነዚህ ሰዎች ቤታቸው ሲበሉ ሳህኑን ወለል ላይ ነው የሚተዉት?» ትላለች ለአሰልጣኙ።

አሰልጣኙ ቀጠን ያለ፣ ቃል የሚቆጥብ ወጣት ነው። «አላስተማርናቸውማ እትዬ» ይላታል። «ለአለቃ ስንት ጊዜ ነገርኩት። ሲመዘገቡ አንድ ገጽ ነገር እንስጣቸው አልኩት።»

«ምን አለህ?»

«አለ እኮ አለኝ።»

አለ የተባለውን ወረቀት እሷም ታውቀዋለች፤ በየቀኑ ከቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ታወጣዋለችና። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ነው። ጡንቻው የተወጠረ ጎረምሳ ፎቶ አለበት፤ ከፎቶው በላይ «ገደብ የለህም!» ይላል። ከታች፣ ጉንዳን በምታህል ፊደል፣ «ድርጅቱ በአጠቃቀም ጉድለት ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት አይወስድም» የሚል አለ። አጠቃቀሙ ምን እንደሆነ ግን የትም አልተጻፈም።

ከደንበኞቹ ሁሉ አንጀቷን የሚያሳርራት «ጎማ» የሚሉት ሰውዬ ነው። ጎማ ነጋዴ ስለሆነ ነው ስሙ የወጣለት፤ ሰውነቱም ስሙን አላሳፈረውም። ትልልቁን ዲስክ ረጅሙ ብረት ጫፍና ጫፍ ላይ ደራርቦ ይጭናል፣ ደረቱ ላይ እያወረደ ይገፋል፣ ያጓራል፣ ሲጨርስ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይወጣል። ብረቱ ከነሸክሙ እዚያው ይቀራል። አንድ ቀን ለምን እንደማይመልስ ብትጠይቀው እየሳቀ «እኔ ከመለስኩትማ ሰብሳቢ ሥራ ፈታች ማለት ነው» አላት። አጠገቡ የነበሩትም አብረው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ዲስኮቹን አንድ በአንድ አወረደች፤ አንዱን ከቀኝ፣ አንዱን ከግራ፣ ደግሞ አንዱን ከቀኝ። እንደዚያ እንደሚደረግ ማንም አላስተማራትም ነበር። በገባች በሁለተኛው ሳምንት ብረቱ አንድ ጊዜ በእጇ ላይ ተዛብቶ ልቧን ካደረቃት ወዲህ ነው የገባት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህርት መጡ። ሐኪም አጥንትዎ ሳስቷልና ክብደት ማንሳት ይልመዱ ብሏቸው ነው። በሕይወታቸው ጂም ረግጠው አያውቁም። ስፖርት ጫማቸው ገና ከካርቶኑ የወጣ ነው፤ ፎጣቸውን አጣጥፈው እንደ መዝገብ በብብታቸው ይዘዋል። መዝጋቢዋ ባለ ፎቶውን ወረቀት ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ ገልብጠው ጀርባውን አዩ፣ ባዶ ነው። ሌላ ገጽ ይኖረው እንደሆነ ጠየቁ፤ የለውም ተባሉ።

አሰልጣኙ በመራመጃው ማሽን ላይ አቆማቸው። ቀይዋን ገመድ ልብሳቸው ላይ አያያዘላቸውና «ከተደናቀፉ ይቺ ትነቀልና ማሽኑን ታቆመዋለች» አላቸው። አሥር ደቂቃ ሲሞላቸው መስኮቱ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ጋደም ብለው በሁለት ትንንሽ ዳምቤል እንደሚጀምሩ ነግሯቸው ወደ ሌላ ደንበኛ ሄደ።

መምህርቷ አሥር ደቂቃውን ጨርሰው ወደ አግዳሚው ሲመጡ፣ ከራስጌው በላይ ባሉት ሁለት ቋሚዎች ላይ ጎማ ገፍቶ ሲጨርስ ትቶት ገላውን ሊታጠብ የሄደው ብረት ተጋድሟል። በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ሃያ ኪሎ ዲስክ። ዲስኩ እንዳይንሸራተት ጫፉ ላይ የሚጠለቀው ማያያዣ የለም፤ ጎማ ማያያዣ አድርጎ አያውቅም። ይኼን ሁሉ ብረት ከራሳቸው በላይ አድርገው መጋደም ፈሩ። ሰው ማስቸገርም አልወደዱም፤ አሰልጣኙ ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ጨዋ ሰው እንደሚያደርገው አደረጉ፤ እኔው ላውርደው አሉ። በግራ በኩል የመጀመሪያውን ዲስክ ጎትተው አወጡ፣ እንደ ሕፃን አቅፈው መሬት አስቀመጡ። ብረቱ ዝም አለ። ሁለተኛውን ያዙ።

ሰብሳቢ ከመታጠቢያ ቤቱ ባልዲዋን ይዛ ስትወጣ ነው ያየችው። የግራው ጫፍ ላይ አንድ ዲስክ፣ እሱም ግማሽ መንገድ ወጥቷል። የቀኙ ሁለቱም እንዳሉ ናቸው።

«ይተዉት! ይተዉት እናቴ! እንዳይነኩት!»

ባልዲውን ጥላ ሮጠች። እሷ ስትደርስ ዲስኩ ወጥቶ መምህርቷ እጅ ገብቷል። ብረቱ ወደ ቀኝ ዘመመ፤ የግራው ጫፍ በመምህርቷ ፊት አጠገብ ሽው ብሎ ወደ ላይ ወጣ። በቀኝ በኩል ሁለቱ ዲስኮች እየተንሸራተቱ ወደቁና ወለሉን አናጉት። ሸክሙን ሲገላገል ብረቱ ተመልሶ ወደ ግራ ወረደ። ሰብሳቢ በዚያች ቅጽበት መምህርቷን ከትከሻቸው ይዛ ወደ ኋላ ስባቸው ነበር። የእሷ ቀኝ ክንድ ግን እዚያው ነበር። ብረቱ ከእጅ አንጓዋ ከፍ ብሎ አረፈ።

ድምፁን ራሷ ሰማችው። ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ነው።

አሰልጣኙ እጇን በፎጣና በካርቶን ደግፎ አሰረላትና ሐኪም ቤት ይዟት ሮጠ። አንዱ አጥንት ተሰብሯል ተባለ። ስድስት ሳምንት ጄሶ።

በሦስተኛው ቀን አለቃ የሚሉት ሥራ አስኪያጁ አስጠራት። ይኼ ሰው ደንበኛ ባለበት «እትዬ» ይላታል፤ ቢሮው ውስጥ ሲሆኑ «አንቺ» ናት። በዕድሜ ታላቁ ናት፤ እሱ ግን ልዩነቱ ያለው በወንበር ነው ብሎ ያምናል። መምህርቷም ለምስክርነት ተጠርተው ከጎኗ ተቀምጠዋል፤ ስለዚህ የዚያን ቀን ቢሮ ውስጥም «እትዬ» ሆነች።

«እትዬ፣ እንኳን ተረፉ። ይቺን የአደጋ ሪፖርት ይፈርሙልኝ። በግራዎም ይሆናል።»

«ምን ይላል?»

«ያው የተለመደ ነው።»

«ያንብቡልኝ እንጂ፤ መነጽሬን አልያዝኩም።» መነጽር አድርጋ አታውቅም። ከራሱ አፍ እንዲወጣ ፈልጋ ነው።

ጉሮሮውን ጠረገና አነበበ። «አዲሷ ደንበኛ የአጠቃቀም መመሪያውን ባለመከተላቸው፣ የጽዳት ሠራተኛዋም በራሷ የጥንቃቄ ጉድለትና ከሥራ ድርሻዋ ውጭ በመግባቷ ጉዳት ደርሷል።»

ሰብሳቢ ጆሮዋ ጋለ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሥራ ድርሻዋ ውጭ ስትገባ፣ በየጠዋቱ ያን ሁሉ ብረት ስታመላልስ፣ ማንም «ከድርሻሽ ወጣሽ» ብሏት አያውቅም። የወጣችው እጇ የተሰበረ ዕለት ብቻ ነው።

«ብረቱ ቋሚው ላይ በእግሩ ሄዶ ነው የወጣው?» አለች።

«እንዴት?»

«የጫነው ሰው የለም? ማያያዣ ሳያደርግ ጭኖት፣ ሳያወርድ ጥሎት የሄደ ሰው የለም? ወረቀቱ ላይ እኔ አለሁ፣ መምህር አሉ፤ እሱ የታለ?»

«እሱ የቆየ ደንበኛችን ነው…»

«እኔስ የቆየሁ አይደለሁም?»

መምህርቷ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲሰሙ ነበር። ከፈቱትና ያን የሚያብረቀርቅ ወረቀት አወጡ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው አስተካከሉት። ሠላሳ ዓመት ክፍል ውስጥ በቆመ ድምፅ «አልተከተሉም ያልከኝ መመሪያ ይኼ ነው?» አሉ።

«አዎ፣ ይኼ…»

«ከሁለቱም ወገን በተራ አውርዱ የሚለው የትኛው መስመር ላይ ነው? በጣትህ አሳየኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አየ። ጎረምሳውን አየ። ጣቱ ከጠረጴዛው አልተነሳም።

«እኔ ከልቤ ነው የጠየቅኩህ። የሆነ ቦታ ተጽፎ ካመለጠኝ ጥፋቴን እፈርማለሁ። ካልተጻፈ ግን ያልሰጠኸኝን መመሪያ አልተከተሉም ልትለኝ አትችልም። እኔ ያላስተማርኩትን ፈትኜ ተማሪ ጥዬ አላውቅም።»

«እንግዲህ ፎርሙ ሁለት ፊርማ ይፈልጋል» አለ እሱ።

ሰብሳቢ ተነሣች። «የኔን አያገኝም» አለች። መምህርቷም ተከትለዋት ወጡ።

ቤቷ ስትገባ ንዴቱ ከሕመሙ በልጦ እንቅልፍ ነሳት። በማግሥቱ ልጇ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ወረቀት አምጪ» አለቻት። «እኔ እላለሁ፣ አንቺ ትጽፊያለሽ።»

ዘጠኝ ዓመት ሆዷ ውስጥ የታመቀው ወጣ። «ያነሳኸውን መልስ፣ እናትህ ተከትላህ አልመጣችም» ብላ ጀመረች። «ላብህን ጥረግ፣ ማንም አልተመኘውም» አለች። ልጅቷ እየሳቀች ሦስት ገጽ ሞላች።

ቅዳሜ ከሰዓት መምህርቷ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቋት መጡ፤ አሰልጣኙም አብሯቸው ነበር። መምህርቷ የተጻፈውን አነበቡና መጀመሪያ ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ እስክሪብቶ አወጡ።

«እህቴ፣ ይኼ ለጎማ የተጻፈ ነው። ጎማ አያነበውም። የሚያነበው እንደኔ ፈርቶ የሚገባው ነው። እኔን ብትሰድቢኝ በዚያው ተመልሼ እወጣ ነበር።»

«ታዲያ ልለማመጣቸው?»

«አትለማመጪ። ምን እንደሚደረግና ለምን እንደሆነ ንገሪኝ። አንድ ገጽ ብቻ። ሁለተኛውን ገጽ ማንም አያየውም።»

ተከራከሩ። ሰብሳቢ ክብደት መመለስ አንደኛ ይሁን አለች፤ አሰልጣኙ ግን መጀመሪያ ሰውን የሚጎዳው ይቅደም አለ። እሱ አሸነፈ። ስለዚህ ገጹ የሚጀምረው እንዲህ ሆነ፤ «ብረት ላይ ዲስክ ሲጭኑም ሲያወርዱም ከግራና ከቀኝ በተራ፣ አንድ አንድ ያድርጉ። አንዱን ወገን ብቻ ባዶ ካደረጉት ብረቱ ይገለበጣል።» መምህርቷ «ማያያዣ ስትሉ ምንድን ነው? እኔ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ንገሩኝ» እያሉ በየቃሉ ያስቆሟቸው ነበር፤ ለማያያዣው ልጅቷ ሥዕል ሠራችለት። በአግዳሚ ላይ ተጋድሞ ከባድ ብረት የሚገፋ ሰው ከራስጌው የሚቆምለት ረዳት ይጠይቅ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም ተባለ። የሚያዞር ወይም ደረት የሚወጋ ሕመም የተሰማው ወዲያው አቁሞ ሠራተኛ ይጥራ። ጫማ ጣት የሚሸፍን ይሁን።

የጋራ ዕቃው ላይ ሲደርሱ ሰብሳቢ ብቻዋን ተናገረች፤ የሚያርማትም አልነበረም። አግዳሚው ላይ ፎጣ አንጥፉ፣ ስትነሱ በተቀመጠው መጥረጊያ ጥረጉ። ማሽን ላይ ተቀምጣችሁ ስልክ አታውሩ፤ የሚጠብቅ ሰው ካለ በየዙሩ መሐል አስገቡት። እናንተም የምትጠብቁ ከሆነ ቆማችሁ አትገላምጡ፤ «ስንት ዙር ቀረህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዳምቤል ከጓደኛው ጋር፣ በቁጥሩ ቦታ ይመለስ። ዲስክ ግድግዳ አይደገፍ።

«ከባዱ ዲስክ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ» ብሎ ጨመረ አሰልጣኙ። «ሃያ ኪሎ ከደረት በላይ ካለ መደርደሪያ ማውረድ አለብኝ ብሎ ወገቡን የሚያጣ አለ።»

የመጨረሻውን መስመር ሰብሳቢ አላስነካም አለች። «ክብደት የሚመልሰው ያነሳው ሰው ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ አይደለችም።» መምህርቷ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ለመሰረዝ እስክሪብቶአቸውን አስጠጉ፤ ፊቷን አዩና መለሱት።

አሰልጣኙ ሰኞ ዕለት ገጹን አስገባ። ሥራ አስኪያጁ አንብቦ «ብረት ይገለበጣል፣ ደረት ይወጋል… ይኼ ደንበኛ የሚያባርር ወረቀት ነው» ብሎ ወደ ዳር ገፋው። ሪፖርቱ ግን ያለ ፊርማ እንደተጋደመ ነው። መምህርቷ ስልክ ደወሉለት። ያዩትን በራሳቸው እጅ ጽፈው እንደጨረሱ፣ ሪፖርቱ ካልታረመ ሐሙስ ዕለት እሳቸውና ሰብሳቢ ሆነው ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ እንደሚወስዱት፣ ያን የሚያብረቀርቅ ወረቀትም አብረው እንደሚያያይዙት ነገሩት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ረቡዕ ሪፖርቱ ታረመ። «አንድ ደንበኛ ማያያዣ ሳያደርግ ጭኖ በተወው ክብደት፣ ለአዲስ ደንበኞችም በቂ መመሪያ ባለመሰጠቱ» ይላል አዲሱ። ሰብሳቢ ሦስት ጊዜ አስነበበችውና በግራ እጇ አንጋዳ ፈረመች።

ሪፖርቱ በቂ መመሪያ አልተሰጠም ካለ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ገጹን ገፍቶ ማቆየት አልቻለም፤ ሰብሳቢ ከሰባት ሳምንት በኋላ ሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ተለጥፎ ጠበቃት። ለሚመዘገብ ሁሉ ይሰጣል፤ አሰልጣኙም አብሮ ቆሞ ያነብላቸዋል። ደስ ብሏት እስከ ታች አነበበችው። ከታች በደማቅ ቀለም «አዘጋጅ፦ ሥራ አስኪያጅ» ይላል።

ቀጥ ብላ ቢሮ ገባች። «ይኼን ማን ነው ያዘጋጀው?»

«ያው የቤቱ ነው እኮ። ፎርማሊቲ ነው።»

«እጄ ሲሰበር የራሴ ጥፋት ነበር፤ የቤቱ አልነበረም። ወረቀቱ ሲያምር የቤቱ ሆነ?»

ፈገግ አለ፤ ስልኩን አነሣ። እሷም በሩን እንደተከፈተ ትታው ወጣች።

ያን ቀን ጎማም መጣ። አይቷት ትንሽ ቆመ፤ እጇን እንደማያይ ሆኖ አየ። «ሰብሳቢ፣ እንኳን ማረሽ። እኔ እኮ አንቺ ታወርጂዋለሽ ብዬ ነው…»

እስከዚያ ቀን ድረስ «እርስዎ» ነበር የምትለው። «ስማ አንተ» አለችው። «ያን ብረት እኔ ባላይ ኖሮ ዛሬ የምትለው ‹እንኳን ማረሽ› አልነበረም፤ ‹ነፍስ ይማር› ነበር። እናትህን የሚያክሉ ሴት ናቸው እዚያ የቆሙት። ፊታቸውን በጣት ያህል ነው የሳተው። አንተ ገላህን እየታጠብክ ነበር።»

ያን ቀን ጎማ ዲስኮቹን ራሱ አወረደ፤ ግራ ቀኝ እየተዟዟረ፣ አንገቱን ደፍቶ። አንዴም ማያያዣው የት እንዳለ ጠየቀ።

በሁለት ወር ውስጥ ወለሉ ተለወጠ ማለት ይቻላል። አዲሶቹ ያነሱትን ይመልሳሉ፤ የማይመልሰውን ነባር ወረቀቱን እያሳዩ የሚጠይቁም አሉ። አሁንም ጠዋት ስትገባ አራት አምስት ዲስክ መሬት ላይ ታገኛለች። ታነሳቸዋለች፤ አዲስ ሰው እንዳይጎዳ ብላ እንጂ የማንም አገልጋይ ስለሆነች አይደለም፤ ይኼንንም ለሚሰማት ሁሉ ትናገራለች። መምህርቷ በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣሉ፤ አራት ኪሎ ዳምቤል ጥንዱን ይዘው ይገፋሉ፤ ሲጨርሱ ቁጥሩን በመነጽራቸው አይተው ቦታው ላይ ያኖሩታል።

«አዘጋጅ፦ ሥራ አስኪያጅ» የሚለው ግን አሁንም ገጹ ላይ አለ። የወለል መጥረጊያውን ስትጨምቅ አንጓዋ ይወጋታልና በእግር ተረግጦ የሚጨምቅ ባልዲ እንዲገዛላት ጠይቃ ነበር፤ «ይታሰብበታል» ተባለች። ከጠየቀች አራተኛ ወሯ ነው። ልጇ «እማ፣ በቃ ተይው» ትላታለች።

«አልተወውም» ትላለች ሰብሳቢ፣ እጇን እያሸች። «ነገ ደግሞ ቢሮው እገባበታለሁ።»